አርብ ማታ የገባ ቼክ ለምን እስከ ሐሙስ ይቆያል?

አሜሪካ ውስጥ ቼክ ገቢ ስታደርጉ ወይም ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ገንዘብ ስታዛውሩ «ስንት ቀን ይፈጃል?» ከማለታችሁ በፊት «ባንኩ ቀኑን መቁጠር የሚጀምረው ከመቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ባንኩ «ሁለት የሥራ ቀን» ይላችኋል፣ እናንተም በጣታችሁ ትቆጥራላችሁ፣ ግን ሁለታችሁ የጀመራችሁበት ቀን ይለያያል። ባንክ ውስጥ መስኮት ላይ የምንሠራ ሰዎች ከምንሰማው ቅሬታ አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው። ገንዘቡ አልጠፋም፣ ባንኩም አላጠፋም፣ የመነሻው ቀን ግን ደንበኛው ያሰበው አልነበረም።

እዚህ የምጽፋቸው ሰዓቶች በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው፤ ቀኖቹም የፈረንጆቹ ናቸው።

በሕጉ መሠረት የሥራ ቀን ማለት ከሰኞ እስከ አርብ ያለው ነው፣ የፌዴራል በዓል ካልሆነ በቀር። ቅዳሜ የሥራ ቀን አይደለም። ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለው ቅርንጫፍ ቅዳሜ እስከ ማታ ክፍት ቢሆን፣ ገንዘብ ከፋዩ ቼካችሁን ተቀብሎ ደረሰኝ ቢሰጣችሁ እንኳ፣ ቀኑ አይቆጠርም። ቅዳሜ ጠዋት ያስገባችሁት ቼክ ሰኞ እንደገባ ነው የሚታየው። ሰኞ በዓል ከሆነ ደግሞ ማክሰኞ።

በዚህ ላይ የመዝጊያ ሰዓት አለ፣ እዚህ ሁላችንም ካትኦፍ የምንለው። ባንክ ለቅርንጫፍ መስኮት የፈለገውን ሰዓት መወሰን ይችላል፣ ግን ከቀኑ 2 ፒኤም ቀደም ማድረግ አይፈቀድለትም። ለኤቲኤም ደግሞ ከእኩለ ቀን፣ ማለትም ከ12 ፒኤም፣ ቀደም ማድረግ አይችልም። ከዚያ ሰዓት በኋላ የገባ ነገር የሚቀጥለው የሥራ ቀን ዲፖዚት ይሆናል። ልብ በሉ፣ የቅርንጫፉ በር የሚዘጋበት ሰዓትና ካትኦፉ አንድ አይደሉም። በሩ እስከ 6 ፒኤም ክፍት ሆኖ ካትኦፉ 4 ፒኤም ሊሆን ይችላል። ሥራ ጨርሶ 5 ፒኤም ላይ ደርሶ የሚያስገባ ሰው አንድ ቀን ከስሯል፣ አርብ ከሆነ ደግሞ ሦስት ቀን፣ በዓል ያለበት አርብ ከሆነ አራት ቀን።

ደረሰኙን እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ እዩት። ብዙ ባንኮች ዲፖዚቱ የሚቆጠርበትን ቀን ደረሰኙ ላይ ያትማሉ፣ የዛሬው ቀንና ያ ቀን ሲለያዩ ካትኦፉ አልፏችኋል ማለት ነው። ኤቲኤም ላይ ከሆነ ሰዓቱ ማሽኑ ላይ በተለጠፈ ማስታወቂያ ወይም ስክሪኑ ላይ ይጻፋል። የባንካችሁን ሙሉ ደንብ ለማግኘት ድረ ገጹ ላይ Funds Availability ብላችሁ ፈልጉ፤ ሒሳብ ስትከፍቱ ከተሰጣችሁ የወረቀት ክምር ውስጥም አለ። ከዚያ ሁሉ ገጽ የሚያስፈልጓችሁ ሦስት ሰዓቶች ብቻ ናቸው፦ የመስኮቱ፣ የኤቲኤሙና የስልኩ። ጽፋችሁ ያዟቸው።

አንድ ቼክ ይዘን እንቁጠር

የ2026ን ሌበር ደይ እንውሰድ፣ ምክንያቱም ለእኛ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ሳምንት እሱ ነው። ሌበር ደይ ሰኞ ሴፕቴምበር 7 ነው። እንቁጣጣሽ ደግሞ በዚያው ሳምንት አርብ ሴፕቴምበር 11 ይውላል። ሰው ሁሉ ለቤተሰቡ የበዓል ገንዘብ የሚልክበት ሳምንት ከአንድ የባንክ በዓል ጋር ተገጣጥሟል።

የጭነት መኪና የሚነዳ አንድ ሰው ለሠራበት የ4,000 ዶላር ተራ የድርጅት ቼክ ተቀበለ እንበል። አርብ ሴፕቴምበር 4 ከሰዓት በኋላ 5፡20 ላይ መስኮት ደረሰ፣ የባንኩ ካትኦፍ 5 ፒኤም ነው። ሃያ ደቂቃ አልፏል። አርብ አልቋል፣ ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም፣ ሰኞ በዓል ነው። ስለዚህ ቼኩ ገባ የሚባለው ማክሰኞ ሴፕቴምበር 8 ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ደግሞ ከማግስቱ ነው፤ ገቢ የሆነበት ቀን ራሱ አይቆጠርም። ረቡዕ 9 ጠዋት የመጀመሪያው 275 ዶላር ይለቀቃል፣ ይህ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ያለው መጠን ነው፣ ከዚያ በፊት 225 ነበር። ቀሪው 3,725 ዶላር በሁለተኛው የሥራ ቀን፣ ሐሙስ 10 ይለቀቃል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይመጣል። በሁለተኛው ቀን የሚለቀቀውን ገንዘብ ቼክ ለመጻፍ ትችሉበታላችሁ፣ ጥሬ ገንዘብ ለማውጣትና እንደ ጥሬ ገንዘብ ለሚታይ ክፍያ ግን ሕጉ ለባንኩ አንድ ተጨማሪ ቀን ይፈቅድለታል። ከባንክ ወደ ባንክ በቀጥታ የሚላከው ዋየርና ባንኩ ራሱ የሚጽፈው ካሺርስ ቼክ ከዚህ ውስጥ ናቸው። በዚህ ደንብ የሚጠቀም ባንክ ሐሙስ እስከ 5 ፒኤም ከቀሪው ላይ 550 ዶላር ሊሰጥ የግድ ይለዋል፣ የተረፈውን ግን ለአርብ ማቆየት ይችላል። አርብ እንቁጣጣሽ ነው። ሃያ ደቂቃ የዘገየ ቼክ የበዓሉን ዋዜማ አልፎ የበዓሉ ዕለት ደረሰ ማለት ነው።

ያው ቼክ አርብ 4፡30 ላይ ገብቶ ቢሆን ኖሮ አርብ ራሱ የዲፖዚት ቀን ይሆናል፤ 275ቱ ማክሰኞ፣ ቀሪው ረቡዕ ይለቀቃል። ሐሙስ ሴፕቴምበር 3 ከሰዓቱ በፊት ቢገባ ደግሞ 275ቱ አርብ፣ ቀሪው ማክሰኞ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላና አርብ ከሰዓት በኋላ መካከል ያለው ልዩነት ለኛ አንድ ቀን ነው፣ ለገንዘቡ ግን ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ይሆናል። ከረጅም የዕረፍት ሳምንት በፊት ቼክ እጃችሁ ከገባ ሐሙስን የመጨረሻ ቀናችሁ አድርጉት።

ይህ ሁሉ ሕጉ የሚፈቅደው ረጅሙ ጊዜ ነው። ብዙ ባንኮች ለቆየ ደንበኛ ከዚህ ቀደም ብለው ይለቃሉ፣ አንዳንዴ በማግስቱ ሙሉውን። ሆኖም ቀደም ብሎ መልቀቅ የባንኩ ፈቃድ ነው። ባለፈው ወር በማግስቱ ስለገባላችሁ በዚህ ወርም ይገባል ብላችሁ ቀጠሮ አትያዙ።

ቼኩ ትልቅ ሲሆን

በአንድ ቀን ያስገባችሁት ቼክ ድምሩ ከ6,725 ዶላር በላይ ከሆነ፣ ባንኩ የተረፈውን ረዘም ላለ ጊዜ መያዝ ይችላል። ሆልድ የምንለው ይሄ ነው። ከላይ ያለው ቼክ 4,000 ሳይሆን 10,000 ዶላር ቢሆን፣ ረቡዕ 275፣ ሐሙስ 6,450 ይለቀቃል። የቀረው 3,275 ግን እስከ ሰባተኛው የሥራ ቀን፣ ማለትም እስከ ሐሙስ ሴፕቴምበር 17 ሊቆይ ይችላል። ለቤት መግዣ ቅድሚያ ክፍያ ወይም ለመኪና ሲጠበቅ የነበረ ገንዘብ እዚህ ላይ ይጣበቃል።

ሆልድ የሚያስከትለው የገንዘቡ መጠን ብቻ አይደለም። ሒሳቡ ከተከፈተ 30 ቀን ካልሞላው፣ ሒሳቡ በቅርብ ወራት ደጋግሞ ከዜሮ በታች ወርዶ ከነበረ፣ ወይም ያው ቼክ አንዴ ተመልሶ ድጋሚ የገባ ከሆነ ባንኩ ይይዛል። ደረቅ ቼክ ሊሆን ይችላል ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ካለውም እንዲሁ። ከአዲስ ሒሳብ በቀር፣ በዚህ ጊዜ ባንኩ ምክንያቱንና ገንዘቡ የሚለቀቅበትን ቀን የያዘ ማስታወቂያ የመስጠት ግዴታ አለበት። መስኮት ላይ ካስገባችሁ ብዙ ጊዜ እዚያው ይሰጣችኋል፣ በማሽን ከሆነ በፖስታ ወይም በኢሜይል ይመጣል። ማስታወቂያውን አትጣሉት። ባንኩ ቼኩን ተጠራጥሮ ሲይዝ ገቢ ባደረጋችሁበት ሰዓት ካላሳወቃችሁ፣ በዚያ ሳቢያ ሒሳባችሁ ከዜሮ በታች ወርዶ የኦቨርድራፍት ቅጣት ከተቆረጠባችሁ፣ ቼኩም በኋላ ከተከፈለ፣ ቅጣቱ እንዲመለስላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ባንኩም መመለስ አለበት። ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ሆልድ ያለበትን ቼክ ለማስለቀቅ የሚሠራው መንገድ አንድ ነው። ቼኩን የጻፈላችሁ ሰው ወይም ድርጅት ከሒሳቡ መቀነሱን ያረጋግጥላችሁ፣ የቼኩን ፊትና ጀርባ ምስል ከባንኩ ገጽ ላይ አውርዶ ይላክላችሁ። ቼክ ዛሬ በምስል ነው የሚጓዘው፣ ወረቀቱ ራሱ ከተማ ለከተማ አይዞርም፣ ስለዚህ ከከፋዩ ሒሳብ ላይ ብዙ ጊዜ በአንድና በሁለት የሥራ ቀን ይቀነሳል። ያን ምስል ይዛችሁ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ኃላፊውን አነጋግሩ። በስልክ ከመከራከር በአካል መሄድ ይሻላል፤ ሆልድ የማንሳት ሥልጣን ያለው ሰው እዚያ ነው ያለው።

ከመጀመሪያው ማምለጥ ከፈለጋችሁ ግን ከፋዩን ካሺርስ ቼክ ጠይቁትና መስኮት ላይ በአካል አስገቡት። በራሳችሁ ስም የተጻፈ ካሺርስ ቼክ በራሳችሁ ሒሳብ መስኮት ላይ ሲገባ በማግስቱ የሥራ ቀን ይለቀቃል፣ ከ6,725 ዶላር የበለጠውን ግን ባንኩ እዚህም መያዝ ይችላል። አንዳንድ ባንክ ለዚህ የተለየ የገቢ ማድረጊያ ወረቀት ስለሚጠይቅ ለገንዘብ ከፋዩ አስቀድማችሁ ንገሩ። ያንኑ ቼክ ኤቲኤም ውስጥ ከጨመራችሁት የማግሥት መብቱ ይቀራል፣ እንደ ተራ ቼክ ሁለተኛውን ቀን ይጠብቃል። ጥሬ ገንዘብም እንደዚሁ ነው፦ መስኮት ላይ ማግሥት፣ ኤቲኤም ላይ በሕጉ እስከ ሁለተኛው ቀን። የሌላ ባንክ ኤቲኤም ላይ ያስገባችሁ እንደሆነ እስከ አምስት የሥራ ቀን ሊቆይ ስለሚችል እዚያ ቼክ አታስገቡ።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ገንዘቡ ተለቀቀ ማለት ቼኩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ባንኩ የለቀቀው ሕጉ ቀን ስለቆረጠለት ነው። ቼኩ ሐሰተኛ ከሆነ ከሳምንት በኋላም ተመልሶ ይመጣል፣ ገንዘቡም ከእናንተ ሒሳብ ላይ ይቀነሳል። አጭበርባሪዎች ረጅም የዕረፍት ሳምንትን የሚወዱት ለዚህ ነው። ሐሙስ ቼክ ይልኩላችኋል፣ አርብ የተወሰነው ሒሳባችሁ ላይ ይታያል፣ «ትርፉን በዜል መልስልኝ» ይሏችኋል፣ ባንኮቹ ማክሰኞ እስኪነጋገሩ ድረስ በዜል የላካችሁት ሄዷል። የማታውቁት ሰው ከዋጋው በላይ ቼክ ጽፎ ትርፉን ከጠየቃችሁ ቼኩን ገቢም አታድርጉት።

በስልክ ስታስገቡ

በስልክ ፎቶ የሚገባ ቼክ ከላይ ባልኩት የመስኮት ሰዓት አይገዛም። ባንኩ በራሱ ውል ይወስናል፣ ካትኦፉም ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ይገፋል። ለዚህም ነው የመስኮቱ ሰዓት ያለፈበት ሰው በስልክ ሞክሮ የሚሳካለት። ከላይ ያለው ሾፌር 5፡20 ላይ ተሰልፎ ከመቆም የባንኩን የስልክ ካትኦፍ ቢያይ፣ 8 ወይም 9 ፒኤም ሆኖ ያገኘው ይሆናል፣ አርብንም ያድናል። ነገር ግን የስልክ ዲፖዚት የቀንና የወር ጣሪያ አለው፣ የገንዘቡም አለቃቀቅ በባንኩ ውል ነው። ከመፈረማችሁ በፊት አፑ የሚያሳየውን ጣሪያ እዩ።

የሚያዘገየው ግን ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ሳይሆን ፎቶው ነው። አርብ ማታ ያስገባችሁት ቼክ «ተቀብለናል» የሚል መልእክት ያመጣል፣ ያ መልእክት ፎቶው መድረሱን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። የሚመረምረው ክፍል ጀርባው ላይ ፊርማ አጥቶ ወይም የገንዘቡ መጠን በቁጥርና በፊደል አልመሳሰል ብሎት ሲመልሰው፣ መልሱ ማክሰኞ ይደርሳችኋል። ቆጠራው እንደገና ከማክሰኞ ይጀምራል። ስለዚህ ከማንሳታችሁ በፊት ጀርባውን ፈርሙ፣ ከፊርማው ሥር በእጃችሁ ይህን ጻፉ፦ For Mobile Deposit Only። አንዳንድ ባንክ የራሱን ስም ጨምሩበት ይላል። ቼኩን ጠቆር ያለ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፣ አራቱም ጠርዝ ይታይ፣ ከታች ያለው የቁጥር መስመር ላይ ጥላ አይረፍ። ከዚያ ሒሳባችሁ ላይ Pending የሚለው እስኪጠፋና ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ እስኪለቀቅ ድረስ ወረቀቱን አስቀምጡ። ዘገየ ብላችሁ ያንኑ ቼክ ቅዳሜ ኤቲኤም ውስጥ አትጨምሩት። ሁለት ጊዜ የገባ ቼክ አንዱ ይመለሳል፣ ሒሳባችሁም ላይ ምልክት ይተዋል።

ከባንክ ወደ ባንክ

ቼክ ሳይኖር ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው የምታዛውሩት ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ኤሲኤች በሚባለው መንገድ ነው። ኤሲኤች ገንዘብን በጥቅል ይሰበስብና በተወሰኑ ሰዓታት ያጓጉዛል፣ ቅዳሜና እሑድ በፌዴራል በዓልም ሒሳብ አያወራርድም። በዕለቱ የሚደርሰው ዓይነት በሥራ ቀን ሦስት መስኮት አለው፤ ባንኮች ጥቅላቸውን ማስገባት ያለባቸው በኒውዮርክ ሰዓት እስከ 10፡30 ኤኤም፣ እስከ 2፡45 ፒኤምና እስከ 4፡45 ፒኤም ነው። ባንካችሁ ደግሞ ለራሱ ዝግጅት ጊዜ ስለሚፈልግ ለእናንተ ከዚህ ቀደም ብሎ ይዘጋል። ሲያትል ወይም ሎስ አንጀለስ ለምትኖሩ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የኒውዮርክ 2፡45 ፒኤም እናንተ ጋ 11፡45 ኤኤም ነው፣ ከምሳ በኋላ የላካችሁት ለመጨረሻው መስኮት ወይም ለማግስቱ ይሆናል።

እዚህ ላይ ከካትኦፉ ይልቅ ብዙ ቀን የሚበላ አንድ ልዩነት አለ። ገንዘቡ ያለበት ባንክ ገብታችሁ «ላክ» ማለትና፣ ገንዘቡ የሚሄድበት ባንክ ገብታችሁ «አምጣ» ማለት አንድ አይደለም። «ላክ» ስትሉ ላኪው ባንክ ገንዘቡ መኖሩን ያያል፣ ስለዚህ ተቀባዩ ባንክ የሚጠራጠርበት ምክንያት የለም። «አምጣ» ስትሉ ግን የሚስበው ባንክ ከወዲያ ያለው ሒሳብ ገንዘብ ይኑረው አይኑረው አያውቅም። ወዲያኛው ባንክ «ገንዘብ የለም» ብሎ ለመመለስ ሁለት የባንክ ቀን ገደማ ስላለው፣ የሚስበው ባንክ ያን ጊዜና ትንሽ መጠባበቂያ ጨምሮ ገንዘቡን ይይዘዋል። ሒሳባችሁ ላይ ይታያል፣ ግን አይነካም። Current Balance ከፍ ብሎ Available Balance ዝቅ ያለ ከሆነ የሆነው ይሄ ነው። ክፍያ የሚቀነሰው ከሁለተኛው ላይ ነውና እሱን ብቻ እመኑ።

በሌበር ደይ ሳምንት ብናሰላው፣ አርብ ሴፕቴምበር 4 ከካትኦፉ በፊት «ላክ» የተባለ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞ ጠዋት ይገኛል። አርብ ማታ ከካትኦፉ በኋላ የተባለው የማክሰኞ ሥራ ሆኖ ረቡዕ ይደርሳል። አርብ ማታ «አምጣ» የተባለው ደግሞ ረቡዕ ሒሳቡ ላይ ታይቶ፣ በሆልዱ ምክንያት እስከሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ሊቆይ ይችላል። ለቤት ኪራይ የሚሆን ገንዘብ ከቁጠባ ሒሳብ የምትስቡ ከሆነ ሁልጊዜ ከቁጠባው ባንክ በኩል «ላክ» በሉት።

ትንሽ ድርጅት ያላችሁና ለሠራተኛ ደመወዝ የምትከፍሉ ደግሞ ከኋላ ወደፊት ቁጠሩ። የደመወዝ ከፋዩ ድርጅት ሰነዱን ከአራት የሥራ ቀን በፊት የሚፈልግ ከሆነና የደመወዝ ቀኑ አርብ ሴፕቴምበር 11 ከሆነ፣ ሐሙስ፣ ረቡዕ፣ ማክሰኞ ብላችሁ ሰኞን ዘላችሁ አርብ 4 ላይ ታርፋላችሁ። ማክሰኞ ገብቶ የሚያስታውስ ሰው ሠራተኞቹን ሰኞ ሊከፍል ነው።

ቅዳሜና እሑድ የግድ መድረስ ያለበት ገንዘብ ካለ፣ ሁለቱም ወገን ዜል ካላቸው ዜል በደቂቃ ይደርሳል፣ ጣሪያው ግን ከባንክ ባንክ ይለያያል። ከ2017 ጀምሮ ያለው አርቲፒና በጁላይ 2023 የተጀመረው ፌድናው የሚባሉት የባንኮች ፈጣን መንገዶች ሌሊትም በዓልም አይሉም፣ ግን ሁለቱም ባንኮች በዚያ መንገድ መላክና መቀበል መቻል አለባቸው። ዋየር ፈጣን ቢሆንም የሥራ ቀን ይጠብቃል። ፌድዋየር የሚባለው የፌዴራል ሪዘርቭ የዋየር መስመር ለደንበኛ ገንዘብ በኒውዮርክ ሰዓት 6፡45 ፒኤም ላይ ይቆማል፣ ቅርንጫፎች ግን ለሰው የሚቀበሉት ብዙ ጊዜ እስከ 4 ወይም 5 ፒኤም ነው። አርብ ዘግይቶ የተፈረመ የዋየር ወረቀት ጠረጴዛ ላይ እስከ ማክሰኞ ያድራል።

በዓሎቹ

የፌዴራል በዓላት በዓመት 11 ናቸው። የሚያሳስቱት የታወቁት አይደሉም። ኮለምበስ ደይ፣ በ2026 ሰኞ ኦክቶበር 12፣ መሥሪያ ቤታችሁ ክፍት ሊሆን ይችላል፣ የባንካችሁም ቅርንጫፍ ክፍት ሊሆን ይችላል፣ ግን ቀኑ አይቆጠርም። ቬተራንስ ደይ ረቡዕ ኖቬምበር 11 ሳምንቱን መሐል ላይ ይቆርጠዋል። በተቃራኒው የፈረንጆች ስቅለትና ከታንክስጊቪንግ ማግሥት ያለው አርብ የባንክ የሥራ ቀኖች ናቸው፤ ዕረፍት መስሏችሁ ያልጠበቃችሁት ተቀናሽ በዚያ ቀን ይመጣል።

በዓሉ እሑድ ሲውል ሰኞ ይዘጋል። ቅዳሜ ሲውል ግን የፌዴራል ሪዘርቭ ባንኮች አርብን አይዘጉም። በ2026 ጁላይ 4 ቅዳሜ ነው፣ የመንግሥት ቢሮዎች አርብ ጁላይ 3 ዕረፍት ናቸው፣ ባንኩ ግን ይቆጥራል። ዕረፍት ነው ብሎ ሒሳቡ ላይ ገንዘብ ያልጨመረ ሰው የዕለቱ ተቀናሾች ባዶ ሒሳብ ላይ ይደርሱበታል።

ገንዘቡ አገር ቤት ሲሄድ

ኢትዮጵያ ያለ ባንክ ሒሳብ ውስጥ በዋየር ስትልኩ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ማየት አለባችሁ። አዲስ አበባ ከኒውዮርክ በበጋችን በ7 ሰዓት፣ በክረምታችን በ8 ሰዓት ይቀድማል። ሐሙስ ሴፕቴምበር 10 ከሰዓት በኋላ 4 ላይ የላካችሁት አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 11 ፒኤም ነው፣ ሲነጋ እንቁጣጣሽ ነው፣ ባንክ ዝግ ነው። ቅዳሜ አገር ቤት ባንኮች ይሠራሉ፣ ግን በመሐል ያለው የአሜሪካ ባንክ አይሠራም፣ ስለዚህ ወረቀት የጎደለው ወይም ስም ያልገጠመ ዋየር እስከ ሰኞ 14 የሚያስተካክለው አያገኝም። ጃንዋሪ 19 ቀን 2026 ጥምቀትና የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን በአንድ ሰኞ ዋሉ፣ በሁለቱም በኩል ተዘጋ። የተቀባዩ ስም በባንኩ ደብተር ላይ እንዳለው እስከ አያት ድረስ አንድ ዓይነት ፊደል አጻጻፍ መያዙን ከመላካችሁ በፊት አረጋግጡ፤ በበዓል ሳምንት አንድ ፊደል አራት ቀን ይወስዳል።

በሐዋላ ድርጅት የምትልኩ ከሆነ ደግሞ የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ የከፈላችሁበት መንገድ ነው። በዴቢት ካርድ የተከፈለ በዚያው ሰዓት ይንቀሳቀሳል። ክፍያው ርካሽ ስለሆነ ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ ስትከፍሉ ግን ገንዘቡ በኤሲኤች ነው የሚሳበው፣ አንዳንዱ ድርጅትም ገንዘቡ እጁ እስኪገባ አይልክም። በሌበር ደይ ቅዳሜ በዚህ መንገድ ያዘዘ ሰው የተጠቀመው ጥቂት ዶላር ነው፣ የከሰረው ሦስትና አራት ቀን። ከመክፈላችሁ በፊት ድርጅቱ ገንዘቡ ለተቀባዩ የሚደርስበትን ቀን የማሳየት ግዴታ አለበት፣ ደረሰኙም ላይ ይሰፍራል። ያን ቀን አንብቡት። ከተጠቀሰው ቀን ካለፈ በ180 ቀን ውስጥ እንደ ስሕተት ማመልከት ትችላላችሁ፤ ከፍላችሁ 30 ደቂቃ ሳይሞላ፣ ተቀባዩም ገና ካልወሰደው፣ ሰርዛችሁ ሙሉ ገንዘባችሁን ማስመለስ ትችላላችሁ።

ለ2026 እንቁጣጣሽ እንግዲህ ቼኩን እስከ ረቡዕ ሴፕቴምበር 2 መስኮት ላይ፣ ከካትኦፉ በፊት አስገቡት። 275ቱ ሐሙስ፣ ቀሪው አርብ 4 ይለቀቃል፣ ባንኩ የዋየሩን ተጨማሪ ቀን ቢወስድ እንኳ ማክሰኞ 8 ጠዋት ትልካላችሁ፣ አገር ቤት ደግሞ ረቡዕና ሐሙስ ሁለት የሥራ ቀን ይተርፋል።